የመዝሙር ጥናት ለመቅረጽ ፈቃድ የጠየቅሁበት ደብዳቤ

መጀመሪያ የላክሁት ደብዳቤ ሳይሆን የቴሌግራም መልእክት ነበር። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ በሰፈራችን ደብር ላለው ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል ኃላፊ “ጤና ይስጥልኝ፤ የዩቲዩብ ቻናል አለኝ፤ የጥናት ሰዓታችሁን መቅረጽ እፈልጋለሁ፤ በተለይ ከበሮ ስትመቱ ቢሆን ደስ ይለኛል” ብዬ ጻፍሁ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት በዚያው ቀን መጣ፤ መልስ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአካል ሄጄ ራሴን ሳስተዋውቅ ኃላፊው ፈገግ ብለው “እኅቴ፣ ዐቢይ ጾም ላይ ነን እኮ፤ ከበሮ የሚመታው የት አግኝተሽ ነው?” አሉኝ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደማይነካ ልጅ ሆኜ የማውቀው ነገር ነው፤ መልእክቱን ስጽፍ ግን ያሰብሁት ስለ ጾሙ ሳይሆን በስክሪን ላይ ስለሚያምረው ነገር ብቻ ነበር። እሳቸውም ከሦስቱ መስመሮች የተረዱት ይህንኑ ነው።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን ከዚያ በኋላ ለጻፍሁት ሁሉ መሠረት ሆነ። “እኔ ብቻዬን እሺ ማለት አልችልም። መዝሙር ክፍሉ ያለው በሥራ አመራሩ ሥር ነው፤ ሥራ አመራሩ ደግሞ ለሰበካ ጉባኤው ይጠየቃል። በስብሰባ ላይ የማነብበው ወረቀት ስጪኝ” አሉኝ። ደብዳቤው የሚጻፈው ለእሳቸው ቢሆንም በእውነት የሚያነብቡት እኔን ያላዩኝ፣ ቻናሌን የማያውቁት፣ ምናልባትም ቀደም ሲል በሌላ ቀራጭ የተቀየሙ ስድስት ሰባት ሰዎች እንደሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚጠይቁትን ሁሉ ኃላፊው በእኔ ፈንታ መመለስ አለባቸው፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ የሚቀላቸው “ለጊዜው ይቆይ” ማለት ነው።

ከመጻፌ በፊት ካሜራ ሳልይዝ ሁለት ጥናት ላይ ተገኝቼ እንዳይ ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ከበሮው ተመልሷል። አዳራሹ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው መሐሉ ይለቀቃል፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው ወገን ሦስት ሦስት ረድፍ ሠርተው ይቆማሉ። ግጥሙ በደብተር የተገለበጠ ነው፤ አንዱን ደብተር ሦስት ልጆች ይጋሩታል። ኃላፊው አንዲቱን የአዝማች መስመር በዚያ ቀን ከአሥር ጊዜ በላይ አስቆሙ። ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ መሪዋ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል ስትስብ ተቀባዮቹ እሷን ሳይጠብቁ ይገባሉ፤ ከበሮ መቺው ደግሞ እነሱን ተከትሎ ይፈጥናል። ኃላፊው ከበሮውን አስቁመው በጭብጨባ ብቻ አስኬዱት፤ ቀጥሎ ጭብጨባውንም አስቁመው በሽብሸባ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ እግራቸው መቼ እንደሚያርፍ አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ገባ።

ለቻናሌ የምፈልገው ይህንን ነበር። ያለቀ መዝሙር በበዓል ቀን ማንም በስልኩ ይቀርጸዋል፤ አንድ ዜማ ስንት ጊዜ ተሰብሮ እንደሚጠገን ግን የሚያየው የለም። በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ ግን አለመቀረጽን የሚመርጡ ሰዎች ለምን እንደሚመርጡም ተመለከትሁ። ቅዳሜ ከትምህርት ቤትና ከሥራ በቀጥታ የሚመጡ ሴቶች ሱሪ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ይቆማሉ፤ በአውደ ምሕረት ላይ እንደዚያ ሆነው መታየት አይፈልጉም። ኃላፊው አንዳንዴ ይቆጣሉ። አንዱ ልጅ ድምፁ እየተለወጠበት ስለሆነ ይሰነጠቅበታል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። በዓሉ ሳይደርስ ያልወጣ አዲስ መዝሙርም ይጠናል። ደብዳቤው ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው መልስ ካልያዘ ዋጋ እንደማይኖረው አወቅሁ።

የጻፍሁትን ስሞቹን ብቻ አውጥቼ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ……… ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አንድ የመዝሙር ጥናት በቪዲዮ ለመቅረጽ ፈቃድ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ከፍ ያለ መንፈሳዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የዚህ ደብር ምእመን ስሆን ዜማና የሙዚቃ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚጠኑ የሚያሳይ አነስተኛ የዩቲዩብ ቻናል አለኝ። እስከ አሁን የበገና፣ የክራርና የዋሽንት ጥናትን የሚያሳዩ ሥራዎች አቅርቤያለሁ፤ ሦስቱን በወረቀት ማየት ስለማይቻል በፍላሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

የምጠይቀው ለጥምቀት ከሚደረጉት ጥናቶች አንዱን፣ ማለትም ቅዳሜ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን ብቻ እንድቀርጽ ነው። የምሠራው ቪዲዮ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ ሲሆን ዓላማው መዝሙሩን በሙሉ ማሰማት ሳይሆን አንድ አዝማች ከመጀመሪያው ሙከራ እስከሚስተካከልበት ድረስ ያለውን ሂደት ማሳየት ነው።

የምመጣው ብቻዬን ነው። የማስቀምጠው አንድ ካሜራና አንድ የድምፅ መቅጃ ሲሆን ሁለቱም በባትሪ ይሠራሉ፤ መብራት አልተክልም፤ ጥናቱ ከተጀመረ በኋላም በረድፎቹ መካከል አልዘዋወርም፤ ማንም ስለ እኔ ሲባል እንዲደግም አልጠይቅም።

መታየት የማይፈልግ አባል ምክንያት መናገር ሳያስፈልገው ካሜራው በማይደርስበት ወገን እንዲቆም ኃላፊው ቢያመቻቹ፣ በስሕተት የገባ ካለም አወጣለሁ። ዕድሜአቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑት የሚታዩት ወላጅ ወይም አሳዳጊ በፊርማ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ የፈቃድ ቅጹን አያይዣለሁ።

ከበዓሉ በፊት መውጣት የሌለበት መዝሙር ካለ ከጥምቀት በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይወጣም። ያለቀውን ቪዲዮ ከመልቀቄ በፊት ለመዝሙር ክፍሉ አሳያለሁ፤ ክፍሉ እንዲወጣ የሚጠይቀውን ቦታ ሁሉ አወጣለሁ፤ ጠቅላላው እንዳይለቀቅ ቢወሰንም ውሳኔውን እቀበላለሁ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ ለሌላ ሥራም አልጠቀምበትም።

ከዚህ ቪዲዮ እኔ ገቢ አላገኝም። የግጥሙና የዜማው ባለቤት ስም ክፍሉ በሚነግረኝ አጻጻፍ መሠረት በቪዲዮው ውስጥ ይጻፋል።

ጥያቄዬ ተቀባይነት ካገኘ ክፍሉ የሚጨምራቸውን ቅድመ ሁኔታዎች በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

ግልባጭ፦
ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት

ደብዳቤው አንድ ገጽ ከሩብ ነው። እንዲያጥር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ያወጣሁት ዐረፍተ ነገር ሁሉ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ሆኖ እንደሚመለስ ሳስብ ተውሁት። ያሳጠርሁት ስለ ራሴና ስለ ቻናሌ የጻፍሁትን ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተከታዮቼን ብዛት ጽፌ ነበር። አንዲት በሌላ ደብር የመዝሙር ክፍል ጸሐፊ የሆነች ጓደኛዬ አንብባ “ይህ ለእነሱ ጥቅም ሳይሆን ስጋት ነው፤ ብዙ ሰው ያያል ማለት ብዙ ሰው ስሕተታችንን ያያል ማለት ነው” ስትለኝ ሰረዝሁት። በእሱ ፈንታ ሥራዎቼን በፍላሽ ማያያዝ የተሻለ ነበር፤ ኃላፊው በኋላ እንደነገሩኝ በስብሰባው ላይ አንዱን በላፕቶፕ ከፍተው አሳይተዋል።

ስለ ፈቃድ የጻፍሁት አንቀጽ ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ሙግት ሊመስል ሁሉ ቃጥቶት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ላይ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 ላይ ግን ከሕዝብ ጉዳይ ጋር የተያያዙ ወይም በአደባባይ የተፈጸሙ ሁኔታዎችንና ሥነ ሥርዓቶችን የሚመለከት ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ያስቀምጣል። ብዙዎቻችን ቀራጮች ሁለተኛውን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። በጥምቀት ዕለት ታቦት አጅቦ በአስፋልት ላይ የሚዘምር መዘምር በአደባባይ ነው፤ ያው መዘምር ከአንድ ወር በፊት በሩ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሲያጠና ግን በአደባባይ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ስለሆነ ለበዓሉ የማያስፈልገኝ ፈቃድ ለጥናቱ ያስፈልገኛል። በደብዳቤው ውስጥ የሕግ ቁጥር አልጠቀስሁም፤ ፈቃድ የሚለምን ሰው አንቀጽ ሲጠቅስ ማስፈራራት ይመስላልና። እኔ ግን ማወቄ የእያንዳንዱን አባል ፈቃድ ከኃላፊው ፈቃድ ለይቼ እንዳስቀምጥ ረዳኝ። ኃላፊው አዳራሹንና ሰዓቱን ሊፈቅዱልኝ ይችላሉ፤ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ግን የእሳቸው አይደለም።

የዜማና የግጥም ባለቤትነትም እንዲሁ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ፈቃድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም ይጠብቃል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔን መቅረጽ የከዋኙን ፈቃድ ይጠይቃል። ከቅዱስ ያሬድ የወረደው ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ነገር ግን በሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚጠኑት ብዙዎቹ መዝሙሮች በሕይወት ያሉ ሰዎች የደረሷቸው ናቸው። በዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲጠና ያየሁትን አዲስ መዝሙር የደረሰው ከአባላቱ አንዱ ነበር፤ በወንዶቹ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ቆሞ ራሱ ይዘምራል። በካሜራ የማሳየውን አዝማች የምወስደው ከእሱ ስለሆነ ስሙ እንዲጻፍ ይፈልግ እንደሆነ በኃላፊው በኩል ጠየቅሁት፤ ስሙ እንዳይጻፍና “የሰንበት ትምህርት ቤቱ” ተብሎ እንዲጻፍ መረጠ። ደብዳቤዬ ላይ “ክፍሉ በሚነግረኝ አጻጻፍ” ያልሁት ለዚህ በመጠቅሙ ደስ አለኝ።

ስለ ገንዘብ የጻፍሁትን ዐረፍተ ነገር መለስ ብላችሁ ብታዩት “ማስታወቂያ አይታይበትም” አይልም። ረቂቁ ላይ እንደዚያ ነበር የሚለው። ዩቲዩብ ግን ቻናሉ የገቢ ተካፋይ ባይሆንም እንኳ በቪዲዮዎች ላይ ማስታወቂያ የማሳየት መብት እንዳለው በአጠቃቀም ውሉ ላይ ከጻፈ ዓመታት ሆኖታል። ስለዚህ ተመልካቹ መዝሙሩ መሐል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ቢያይ እኔ ላቆመው አልችልም። ቃል ልገባ የምችለው እኔ የማልካፈል መሆኑን ብቻ ነው። በስብሰባው ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው እንደነበር ስሰማ፣ ኃላፊው “እሷ ገቢ አላገኝም ነው ያለችው፤ ማስታወቂያ ጨርሶ አይኖርም አላለችም” ብለው ለይተው ማስረዳት ችለው ነበር። ያንን ቃል በስሕተት ገብቼ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮው በወጣ ማግሥት ውሸታም እሆን ነበር።

መልሱ በ16ኛው ቀን በማኅተም መጣ። ፈቃዱ ተሰጥቷል፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ተጨምረዋል። አንደኛው አባላቱ በዚያ ቀን ሙሉ ነጠላ አጣፍተው እንዲመጡ ክፍሉ ስለሚያሳስብ የቀረጻው ቀን እንዳይለወጥ ነው። ሁለተኛው በቪዲዮው ሥር አስተያየት መስጫው እንዲዘጋ ነው። ሁለተኛውን እኔ አላሰብሁትም ነበር፤ ግን ትክክል ናቸው። የሚዘምሩ ሕፃናት ፊት ሥር ምን እንደሚጻፍ አላውቅም፤ በቪዲዮው ቅንብር ውስጥ መዝጋት ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ላይ ግን ቅሬታ እንደነበረኝ አልሸሽግም። ሱሪ ላይ ጣል የተደረገው ነጠላ ለእኔ የቅዳሜው እውነት ነበር፤ ሁሉም እንደ በዓል ተጣፍቶ ሲመጣ ጥናቱ ትንሽ ትርኢት ትርኢት ይሸታል። ለኃላፊው ይህንኑ ባነሣ “አንቺ እውነት የምትይው ለእነሱ ገበና ነው” አሉኝ፤ ተውሁት።

የቀረጻውን ቀን ባጭሩ ላሳልፈው። አንድ ሰዓት ቀድሜ ደርሼ ካሜራውን በስተኋላ ግድግዳ፣ መቅጃውን ከፊት ረድፍ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ከራስ ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ አኖርሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ረጅሙ የነጭ አምፖል ብርሃን በስክሪን ላይ እንዳይርገበገብ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/50 ላይ አሰርሁት፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚህ ጋር ይስማማል። ያጋጠመኝ ችግር የከበሮው ነው። የስልክ ካሜራ ድምፅን ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ በእያንዳንዱ ምት የዘማሪዎቹ ድምፅ እንደ ሰመጠ ይሰማል፤ እኔም በእጅ የሚስተካከል መቅጃ ይዤ የሄድሁት ለዚህ ነበር። ነገር ግን መጠኑን ያስተካከልሁት ጥናቱ በጭብጨባ ሲጀመር ነው። ከበሮው ሲገባ ቀይ መብራቱ በራ፤ ድምፁም ተሰነጠቀ። ተነሥቼ እንዳላስተካክል በረድፎቹ መካከል አልዘዋወርም ብዬ በጽሑፍ ቃል ገብቻለሁ። መጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በዚህ ሄዱ፤ ኃላፊው ውኃ እንዲጠጡ ሲለቁአቸው ነው ሮጬ ያወረድሁት። አሁን ብሆን ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ከበሮ መቺውን ሦስት ጊዜ በኃይል እንዲመታልኝ እጠይቅ ነበር፤ ይህንንም በደብዳቤው ውስጥ አስቀድሜ አንዲት ዐረፍተ ነገር አስገባ ነበር።

ያለቀው ቪዲዮ 9 ደቂቃ ሆነ። ዩቲዩብ ላይ አገናኙ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርጌ ጫንሁና ለኃላፊው ላክሁ። ሁለት ነገር እንዲወጣ ጠየቁ። የመጀመሪያው አንዲት ዘግይታ የገባች ልጅ ላይ የተቆጡበት 40 ሰከንድ ነው። ለእኔ የቪዲዮው ሕያው ቦታ እሱ ነበር፤ ተቆጥተው ሲጨርሱ ልጅቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ረድፏን ስትይዝ ሁለት ጓደኞቿ ሳይታዩ ደብተሩን ወደ እሷ ያስጠጋሉ። እንዲቀር ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ደብዳቤው ግን “እንዲወጣ የሚጠይቀውን ቦታ ሁሉ አወጣለሁ” ይላል፤ “ከተስማማንበት” አይልም። አወጣሁት። ሁለተኛው ወላጁ ቅጹን ያልፈረመለት አንድ ልጅ ነው። ካሜራው በማይደርስበት ወገን ቆሞ ነበር፤ ከዕረፍት ሲመለሱ ግን ሳያስበው ወደ ቀድሞ ቦታው ሄዶ ቆሟል። የሚታይባቸውን ሦስት ቦታዎች በቅርብ ምስል ሸፈንኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ነገር ልጠቁም። ዩቲዩብ ላይ የተጫነን ቪዲዮ በሌላ ቅጂ በዚያው አገናኝ መተካት አይቻልም፤ ከውስጡ መቁረጥ ወይም ፊት ማደብዘዝ ይቻላል እንጂ። ስለዚህ ለማሳያ የተጫነው ከመጨረሻው የተለየ እንደሚሆንና የቀድሞው እንደሚጠፋ ለኃላፊው መንገር ያስፈልጋል፤ እኔ ባለመናገሬ የመጀመሪያውን አገናኝ ለሦስት ሰው አስተላልፈውት ነበር፤ ሰዎቹም ሲከፍቱት “ቪዲዮው የለም” ስለሚል ተደናገጡ።

ቪዲዮው የወጣው ከጥምቀት በኋላ ጥር 17 ቀን ነው። በዚያው ምሽት ከዩቲዩብ የቅጂ መብት ማሳወቂያ ደረሰኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የተጠቀሰው ቦታ ስመለከተው ግን የመዘምራኑ ድምፅ አይደለም፤ ኃላፊው ለማሟሟቂያ የሚዘመር አንድ ቀድሞ የታተመ መዝሙርን ዜማ ለማስታወስ ከስልካቸው በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙ ከጀርባ የተቀረጸ 18 ሰከንድ ነው። ሥርዓቱ የታተመውን ቅጂ ስለሚያውቀው በራሱ ለይቶታል። ቪዲዮው አልተዘጋም፤ ነገር ግን በዚያ ምክንያት ማስታወቂያ ቢታይ ገቢው ለአሳታሚው ይሆናል ይላል። መከራከር እችል ነበር፤ ግን የመከራከሪያ ምክንያት የለኝም፤ መዝሙሩ የሰው ነው። በማሳወቂያው ውስጥ ያንን ቦታ መቁረጥ የሚለውን መረጥሁ፤ በማግሥቱ ማሳወቂያው ተነሣ። ለኃላፊው ስነግራቸው የተረዱት ወዲያው ነው፤ “ታዲያ ቀረጻ ባለበት ቀን ስልኬን ከፍቼ አላሰማም፤ በአፌ እነግራቸዋለሁ” አሉ።

ያልጠበቅሁት ጥያቄ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ኃላፊው ከበሮው ቆሞ በጭብጨባ፣ ጭብጨባው ቆሞ በሽብሸባ የሄዱበትን ክፍል ሳይቆረጥ እንዳለ ይፈልጉታል፤ ለአዳጊዎቹ ክፍል ማስተማሪያ እንዲሆናቸው። ደብዳቤዬ ደግሞ ያልተቆረጠውን ቅጂ ለሌላ ሰው አልሰጥም ይላል። ለክፍሉ መስጠት ለሌላ ሰው መስጠት ነው አይደለም ብለን ትንሽ ተሳሳቅን፤ ግን ያ ፊቱ የተሸፈነው ልጅ ባልተቆረጠው ውስጥ አለ። ስለዚህ እሱ የማይታይበትን 22 ደቂቃ ለይቼ በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ መረከባቸውንም በአንድ መስመር ጽፈው ፈረሙልኝ። አሁን ለፋሲካ ጥናት የምጽፈው ደብዳቤ ረቂቁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ያልተቆረጠው ቅጂ ለክፍሉ ስለሚሰጥበት ሁኔታ አንድ አንቀጽ፣ ስለ ከበሮው ሦስት ምት ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሬበታለሁ። ቀኑን ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከበሮው መቼ እንደሚመለስ እሳቸው ይሙሉት።